የቁጥር ሃያ ሦስት አማካይ ውጤት

የፊዚክስ መምህሩን ተማሪዎቹ «አዲሱ» የሚሉት ስሙ ሆኖ አይደለም፤ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ስለሆነ ነው። የቀድሞው መምህር በዓመቱ አጋማሽ በድንገት ሲሞት፣ ዳይሬክተሯ እሱን ከሌላ ትምህርት ቤት አስመጥታ በሟቹ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ወንበሩ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ጠረጴዛውም፣ ሲከፈት የሚያቃስተው መሳቢያም፣ ጠርዙ የተበላው የማርክ መዝገብም የሟቹ ነበሩ። በመዝገቡ ላይ የቤት ሥራው፣ የክፍል ፈተናውና የቤተ ሙከራው ዓምዶች በሟቹ እጅ፣ በአረንጓዴ ቀለም፣ ጥንቅቅ ተደርገው ተሞልተዋል። አራተኛው፣ የመጨረሻው ፈተና ዓምድ፣ ባዶ ነበር። ፈተናው የተሰጠው ሰውየው ከተቀበረ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነውና እሱን የሞላው አዲሱ ነው።

ሞልቶም ዝም አላለም። የእያንዳንዱን ተማሪ አራት ውጤት ደመረ፣ ለአራት አካፈለ፣ ከሃምሳ በላይ ለሆነው «አልፏል»፣ ከሃምሳ በታች ለሆነው «ወድቋል» ብሎ ጻፈ። በቀድሞ ትምህርት ቤቱ አራቱም ዓምዶች እኩል ነበሩ፤ እጁ የለመደውን ሠራ። ማንንም አልጠየቀም። አዲስ ሰው ጥያቄ ካበዛ ይናቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን እስቲ ከዚህ ሞኝነት የጸዳ መምህር አምጡልኝ። መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መሳቢያውን ሲከፍት በመዝገቡ ገጾች መካከል ሦስት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ቁልፉ ሌሊቱን ሙሉ ከሱሪው ኪስ አልወጣም። «እንግዲህ የጽዳት ሠራተኛዋ ሌላ ቁልፍ ይኖራታል» ብሎ ራሱን አጽናናና ወረቀቱን ዘረጋው።

«ለተከበሩ የፊዚክስ መምህር፤

ትናንት ያወጡትን አማካይ ውጤት አየሁት። ድካምዎን ባደንቅም ስሌቱ ልክ አይደለም። አራቱ ዓምዶች እኩል አይመዝኑም። የቤት ሥራ አሥር፣ የክፍል ፈተና ሃያ፣ ቤተ ሙከራ ሃያ፣ የመጨረሻ ፈተና ሃምሳ በመቶ ይይዛሉ። ውጤቶቹ ሁሉ ከመቶ የተያዙ ስለሆኑ እያንዳንዱን በራሱ ክብደት አባዝተው ለመቶ ያካፍሉ፤ ከዚያ አራቱን ይደምሩ። ድምሩን እንደገና ለአራት እንዳያካፍሉ። ክብደቶቹ ተደምረው መቶ ስለሚሞሉ ማካፈሉ እዚያው አልቋል።

ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድን ይመልከቱ። ሃያ፣ አርባ፣ ሃምሳና ሰባ አለው። እርስዎ አርባ አምስት አድርገው ጣሉት። በክብደቱ ግን ሁለት፣ ስምንት፣ አሥርና ሠላሳ አምስት ይሆናል፤ ድምሩ ሃምሳ አምስት። ማለፊያው ሃምሳ ነውና ልጁ አልፏል። ቁጥር ሃያ ሦስት ደግሞ ዘጠና፣ ሰማንያ፣ ሰባና ሃያ አላት። እርስዎ ስድሳ አምስት ብለው አሳለፏት። በክብደቱ ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አራትና አሥር ነው፤ ድምሩ አርባ ዘጠኝ። ወድቃለች። አዝነው አንዲት ነጥብ እንዳይጨምሩላት። በውሸት ካለፈች እኔ ማረፍ አልችልም።»

ፊርማ የለውም። አዲሱ ወረቀቱን ከመዝገቡ አጠገብ አስቀመጠና ሁለቱን አስተያየ። ያው አረንጓዴ ቀለም፣ ያው ወደ ግራ ዘመም ያለ ቁጥር። የሰባት አንገት ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት እንኳ ያቺው ናት። ሟቹ ከመሞቱ በፊት ጽፎት ይሆናል እንዳይል፣ የመጨረሻው ፈተና ውጤት ተጠቅሷል። ያንን ያረመው እሱ ብቻውን ነው፤ ለማንም አላሳየም።

ፈራም አልፈራም መምህር ነውና እርሳስ አነሣ። የሠላሳ አንድን ሠራ፤ ሃምሳ አምስት። የሃያ ሦስትን ሠራ፤ አርባ ዘጠኝ። ሁለት ጊዜ ደገመው። ደብዳቤው ከየትም ይምጣ ስሌቱ እንከን አልነበረውም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሄደ።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን መስመር እንዳየች ቁጭ አለች።

«ይሄ የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እኔማ እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ክብደቶቹ ትክክል ናቸው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስትመጣ ልነግርህ ሲገባኝ ዘነጋሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃያ ሦስት ቁጥርን ለይተህ ታውቃታለህ?»

«ዝምተኛዋ ልጅ አይደለችም? መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው።»

«የሱ ልጅ ናት።»

ለአዲሱ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ልጅቷ የአባቷን እጅ አስመስላ ጻፈችው የሚል ነበር። ግን የትኛው ተማሪ ነው ራሱን ለመጣል ደብዳቤ የሚጽፍ? ደግሞስ የሠላሳ አንድ ቁጥርን ውጤት ከየት አምጥታ?

«ምን ይሻለኛል?» አለ።

«ልኩን ጻፍ፣ ሌላ ምን አለ? በደንባችን ከአርባ አምስት እስከ አርባ ዘጠኝ ያመጣ የመጨረሻውን ፈተና ብቻ ይደግማል። አዲሱ ውጤት በአሮጌው ቦታ ይገባል፤ ሦስቱ ዓምዶች አይነኩም። እሱንም ከወደቀች ክፍሉን ትደግማለች።» ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችለት። «ይሄን ግን እዚህ አትተወው፣ በሞቴ።»

በእረፍት ሰዓት ልጅቷን አስጠራት። ገብታ እጆቿን አጣምራ ቆመች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ገና ሳይናገር ቀደመችው።

«ቲቸር፣ ወድቄያለሁ አይደል?»

አዲሱ በአሥር ዓመት ሥራው ይህን ጥያቄ ብዙ ሰምቷል፤ እንዲህ ባለ ጉጉት ሲጠየቅ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። «አዎ» እንዲላት እየለመነችው ነበር።

«የፈተና ወረቀትሽ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው» አላት። «በክፍል ፈተና ሰማንያ ያመጣች ልጅ!»

«ሃያውም ሳላስበው እጄ ሠርቶት ነው።»

«ሆን ብለሽ ነው?»

ልጅቷ የሰፈር ወሬ እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ ነገረችው። «ከትምህርት ቤት ስገባ አባዬ ወንበሩ ላይ ይጠብቀኛል። እማዬ አታየውም። ደብተሬን ገልጦ ያያል፣ የተሳሳትኩትን በጣቱ ያሳየኛል። ፊዚክስ እስክታልፊ ድረስ አልሄድም ብሎኛል። እና... ካላለፍኩ አይሄድማ።»

አዲሱ «ልጄ፣ ሞቶ የለም እንዴ» አይላት ነገር፣ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ አለ። አውጥቶ ሰጣት።

ልጅቷ የአባቷን እጅ ጽሑፍ እንዳየች ፈገግ አለች። ስሌቱን በከንፈሯ እየቆጠረች አነበበችው፤ አርባ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ በእፎይታ ተነፈሰች። የመጨረሻውን መስመር ግን ሁለቴ ሦስቴ ተመላለሰችበት።

«ማረፍ አልችልም ይላል» አለች። «ደክሞታል ማለት ነው? ለእኔ እኮ አልነገረኝም።»

«አባት ለልጁ ደከመኝ አይልም» አላት። የደንቡንም ነገር ነገራት።

«ድጋሚውን ብወድቅ ክፍሉን እደግማለሁ? ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

ዓይኗ በርቶ ተመልሶ ጠፋ። ደብዳቤውን አጣጥፋ መለሰችለትና ወጣች።

አዲሱ የዚያን ቀን የአርባ አንዱንም ተማሪዎች ውጤት በክብደቱ እንደ አዲስ ሠራ። ሠላሳ አንድ ቁጥር አለፈ። በሃያ ሦስት ትይዩ «49፣ ወድቃለች፣ ድጋሚ ፈተና» ብሎ ሲጽፍ ከኋላው የቆመ ሰው ትንፋሽ አንገቱ ላይ ተሰማው። ዞር አላለም። ጽፎ እስኪጨርስ ትንፋሹ አልራቀም።

ድጋሚ ፈተናው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በቤተ ሙከራው ክፍል ሆነ። ተፈታኟ እሷ ብቻ ናት። ወረቀቱን ሰጣትና ፊት ለፊት ተቀመጠ። ልጅቷ ስሟን ጻፈች፣ እርሳሱን አስቀመጠች፣ ከአጠገቧ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞረች። ክፍሉ ፀሐይ ሞልቶበታል፤ ያም ሆኖ እዚያ ጥግ ያለው አየር እንደ ጓዳ ይቀዘቅዝ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳትጽፍ ባዶውን ወንበር ስታይ ቆየች። አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አንዳንዴ እንቢ እንደሚል ሕፃን ከንፈሯን ትነክሳለች። አዲሱ ሊቆጣት ፈለገ፣ ሊያባብላት ፈለገ፤ አንዱንም አልቻለም። ባዶ ወረቀት ካስረከበችው ማንም አያስገድዳትም።

የፈተናው ሰዓት ሊያልቅ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀር ወንበሩ ወለሉ ላይ ተንቋቋ። ማንም አልነካውም።

«እሺ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እሺ አባዬ። አትማጸነኝ።»

እርሳሱን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። ቀና ሳትል፣ ሳትሰርዝ፣ አንዱን ገጽ ጨርሳ ሌላውን እየገለጠች ጻፈች። ስትጨርስ እዚያው ፊቷ አረመላት፤ ዘጠና ስድስት። አዲሱ በክብደቱ ሠራው፤ ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አራት፣ አርባ ስምንት። ሰማንያ ሰባት። «አልፋለች» ብሎ ጻፈና መዝገቡን ወደ እሷ አዞረላት።

ልጅቷ ቃሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ታላቅ ሰው እንደሚያሳልፍ ሁሉ ወደ ጎን ቆመች። ነፋስ ባልነበረበት ኮሪደር የአንድ ሰው ጫማ ኮቴ፣ ዝግ ብሎ፣ እየራቀ ሲሄድ አዲሱ በሁለት ጆሮው ሰማ። ልጅቷ ኮቴው ጨርሶ እስኪጠፋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ቲቸር» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር የቀረችኝ አይደል? ያኔ ዝም ብለው ጨምረውልኝ በውሸት አልፌ ቢሆን እኮ እስካሁን ቤት ይጠብቀኝ ነበር።»

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብላ ምርር ብላ አለቀሰች፤ አዲሱም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።