መደገፊያውን የሚፈታው ማነው?

ልብስ ሰፊው በተፈጥሮው ጥላውንም የማያምን ሰው ነው፤ ሚስቱን ለመጠርጠር ግን በቂ ምክንያት ያገኘው ጣቱ መቆለፍ ሲጀምር ነበር። ጠዋት ሲነሳ የቀኝ እጁ መሀል ጣት ወደ መዳፉ ታጥፎ ይጠብቀዋል። በግራ እጁ ሲያቃናው ቀጭ ብሎ ይዘረጋል፤ ሕመሙ ዓይኑን በእንባ ይሞላዋል። መቀስ መያዝ ካቃተው ደግሞ ሱቁ አለቀለት ማለት ነው። ሚስቱም "ሱቁን እንሽጥና ልጃችን ጋ እንግባ" ማለት ከጀመረች ሰንብታለች።

ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ ጣቱ ሥር መዳፉን ስትጫነው ሽንብራ የምታክል እብጠት አገኘች።

"ጣትዎን የሚያጥፈው ጅማት አብጦ ማለፊያው ጠቦታል። ማታ ይህችን መደገፊያ አስረው ይተኙ፤ ጣትዎ ሳይታጠፍ ያድራል። ሳምንታት ይፈጃል። ካልተሻለዎት መዳፍዎ ላይ እብጠት የሚቀንስ መርፌ እወጋዎታለሁ።"

ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ የኖረ ሰው መርፌ ሲባል ላብ አጠመቀው። መደገፊያዋን መረጠ።

ታዲያ ማታ ያስራታል፣ ጠዋት ወለል ላይ ያገኛታል። ጣቱም እንደተቆለፈ ነው።

"አንቺ ነሽ የምትፈቺው!" አለ በመጨረሻ። "ሱቁን እንድዘጋልሽ!"

ሚስቱ ክው አለች። "እህቴ ቤት አድራለሁ። ዛሬ ደግሞ ማንን እንደምትከስ አያለሁ።"

በዚያ ማታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። የመደገፊያዋን ማሰሪያ በግራ እጁ እየታገለ በነጭ ክር ሰፋው። ጠዋት ጣቱ ታጥፏል፤ መደገፊያዋ አልጋው ሥር ወድቃለች። መቀርቀሪያው እንደነበረ ነው። ቁም ሣጥኑን ሳይቀር ከፍቶ ፈተሸ። ከዚያ ምላሱ አንድ ነገር ነካች። ከፊት ጥርሶቹ መሀል ነጭ ክር መዘዘ።

ሲሰፋ ክር የሚበጥሰው ምንጊዜም በጥርሱ ነው። ሚስቱ ስንት ጊዜ ተቆጥታዋለች!

እህቷ ቤት ሄዶ ክሩን መዳፉ ላይ አሳያት። አንገቱን ደፍቶ "መርፌውን ልወጋ። አብረሽኝ ነይ" አለ። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ነጠላዋን አንስታ ተከተለችው።

"ስኳር አለብዎት?" አለች ሐኪሟ።

"የለብኝም።"

"አለበት" አለች ሚስቱ። "ሰው እንዲያውቅበት ስለማይፈልግ ይደብቃል።"

"እንኳን ነገሩኝ። መርፌው ለጥቂት ቀናት ስኳሩን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል እየለካችሁ ተከታተሉ። ጣቱም ዛሬውኑ አይፈታም፤ ቀናት ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ሳምንታት።"

በማግስቱ ጣቱ ሲቆለፍ "ውሃ ነው የወጋችኝ" ብሎ አጉረመረመ። ሚስቱ ስኳሩን ለካችለት።

አንድ ጠዋት ግን ጣቱን ተዘርግቶ አገኘው። አላመነውም። አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ደገመው። ሚስቱን ቀሰቀሳት።

"ስሚ እስቲ፣ ድምፅ የለውም!"

ጣቱን ይዛ ቀስ ብላ አጠፈችው፣ ዘረጋችው።

"ሱቁን እንሽጥ ያልኩህኮ" አለች፣ "ጠዋት ጠዋት ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ስታለቅስ ስላየሁ ነው።"

እጁን አልነጠቃትም። ሱቁን የከፈተው በዚያ ቀን ዘግይቶ ነው።