ቃል የተገባ ነገር፦ የለም

ዜናይዳ ዋርካያ የርክክብ ማስታወሻውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ጊዜ አይፈጅም፤ ሁለት ዓመት የተለፋበት የመንገድ ሥራ በአንድ ገጽ ተኩል አልቋል። «ያልተቋጩ ጥያቄዎች፦ አንድ። ስጋት፦ የተለመደው። ቃል የተገባ ነገር፦ የለም።» የተለመደው ማለት ምን ማለት ነው? ዝናብ ነው? ናዳ ነው? ወይስ እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው?

ጸሐፊው አቤላርዶ ኡሩናጋ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቀው መሳቢያቸውን ያራግፋሉ። ሥራ አስኪያጅነቱን ዛሬ ለእሷ አስረክበው በስምንት ሰዓት አውቶቡስ ወደ አባንካይ ከተማ ሊወርዱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የጠየቀቻቸውን ሁሉ «ፋይሉ ውስጥ አለ» እያሉ አልፈዋታል። ፋይሉ ሃያ ሦስት ሳጥን ነው።

ከሳጥኖቹ ያገኘችው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ያ ያልተቋጨው ጥያቄ። የዋይራፓታ መንደር ገበሬዎች በነሐሴ መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ሥራውን አሥራ ዘጠኝ ቀን አስቁመውታል። መንገዱን የሚሠራው ኩባንያቸው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይጨመርልኝ» ብሎ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ጽፏል። መልሱ ዓርብ ይጠበቃል። መሐንዲሱ እምቢ ካለ እያንዳንዱ የዘገየ ቀን ቅጣት አለው፤ ሥራውን አዘገየች የምትባለውም አዲሷ ናት።

አምስት ሰዓት ላይ የመንደሩ ሊቀ መንበር የሆኑት ሴት፣ ሴኞራ ሳቱርኒና አይባር፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ገቡ። ብብታቸው ሥር ትልቅ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ይዘዋል። አቤላርዶ ወዲያው ጠረጴዛው ሥር የጠፋባቸው ነገር ትዝ ብሏቸው ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ ግን ሰላምታ ሳያበዙ መዝገቡን ዜናይዳ ፊት ዘረጉት።

የግንቦቱ ገጽ ላይ ኩባንያው የመስኖ ቦዩን ከመቁረጡ በፊት ውኃ የሚያሳልፍ ጊዜያዊ ቱቦ እንደሚዘረጋ ተጽፏል። ከሥሩ የአቤላርዶ ፊርማ ከነማኅተሙ አለ። በነሐሴ ቦዩ ተቆረጠ፣ ቱቦው የለም፣ በቆሎው ሊደርቅ ሆነ፣ መንገዱ ተዘጋ። የሚቀጥለው ገጽ መንገዱ የተከፈተበት ቀን ነው፤ ቱቦው በአሥር ቀን ውስጥ ይገባል ይላል። ያው ፊርማ። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው።

ዜናይዳ ደሟ ፈላ። ሴትዮዋን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ማስታወሻውን አቤላርዶ ፊት አኖረችው።

«ቃል የተገባ ነገር የለም ብለው ጽፈዋል እኮ።»

«ውሉ ውስጥ የለማ።»

«እዚህ ፈርመዋል! ሁለቴ!»

ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዷት። ማስታወሻው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉን ተቆጣጣሪው በፈለገ ጊዜ ያያል። መንገዱ የተዘጋው ኩባንያው ቃሉን ስላጠፈ መሆኑን ካነበበ አሥራ ዘጠኙ ቀን ውኃ በላው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤትም በስልክ ይህንኑ ነግሯቸዋል፤ በስልክ እንጂ በጽሑፍ አይደለም። ቱቦውስ? መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ካስገቡት ግን ቃል ነበረብን ብሎ እንደማመን ይቆጠራል ተብሎ ቁጭ ብሏል።

የአንድ ቀን ሥራ! ዜናይዳ ልትስቅም ልትጮህም ቃጣት።

«ካልጻፉት አልፈርምም። ካልፈረምኩ አላስረከቡም። አውቶቡሱም ይሄዳል።»

አቤላርዶ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ በሩን። መጨረሻ ላይ እስክሪብቶ አነሱ። «የለም» የሚለውን ሰርዘው ቱቦውን፣ የግንቦቱን ቀን፣ የነሐሴውን ቀን፣ ነገ የሚያልቀውን ቀጠሮ አንድ በአንድ ጻፉት። ሲጽፉ ትከሻቸው የቀለላቸው ይመስላል። ይህም አናደዳት።

«ሳልጽፍ የተውኩት እኮ ላንቺ ብዬ ነው» አሉ ወረቀቱን ሲሰጧት። «አላወቅኩም እንድትይ። እኔ ያንን ማለት አልችልም ነበር። አሁን አንቺም አትችይም።»

ፈረመች። ሰውየው ሻንጣቸውን አንስተው፣ ሴኞራ ሳቱርኒናን በአክብሮት ጎንበስ ብለው ተሰናብተው ወጡ።

ዜናይዳ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ዓርብን አሰበች፤ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚደውልላትን ስልክ አሰበች። ሥራ ከጀመረች ገና ግማሽ ቀኗ ነው። ማስታወሻውን ሳጥን ውስጥ ከትታ ዝም ብትል ማን ያያታል? ሴትዮዋ ግን ከአግዳሚው ተነስተው መዝገቡን አዲስ ገጽ ላይ ከፍተዋል።

«እሳቸው ሄዱ» አሉ። «ለኔ ማን ይፈርምልኛል?»

ዜናይዳ መጀመሪያ ለመጋዘን ጠባቂው ደወለች። ሠራተኞቹ ቱቦውን ጭነው አሁኑኑ ወደ ቦዩ እንዲወጡ አዘዘች፤ ምክንያቱን ሲጠይቃት «ቃል ስለገባን» አለችው። ከዚያ ቁጭ ብላ የሴትዮዋ መዝገብ ላይ በራሷ ስም ጻፈች፦ ቱቦው ይገባል፤ ነገ፣ ከምሳ በፊት።