ሁለት እጥፍ ሲደመር ሠላሳ

አስማረ በሕይወቱ ብዙ ነገር ጠፍቶበታል፤ ያቺ ሒሳብ ግን አልጠፋችበትም። ከኪራሙ ተፈናቅሎ ሲወጣ ቤቱን፣ ሁለት በሬዎቹንና የሠላሳ ዓመት ጎረቤቶቹን ትቶ ነው የወጣው። ሒሳቧ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለነበረች ማንም አልነጠቀውም፤ ነቀምቴ አጠገብ ያለችው ጉቴ ድረስ አብራው መጣች። ባትመጣ ይሻል ነበር።

ኪራሙ ሳለ በአንድ ጤና ጣቢያ አሥራ ስምንት ዓመት የክትባት ማቀዝቀዣ ጠባቂና ከታቢ ነበር። ማቀዝቀዣው ከውጭ በእርዳታ የመጣ ስለሆነ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው በፋራናይት ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ደግሞ «ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴልሺየስ» ይላል። ራጉኤል የሚባል ሽማግሌ ድሬሰር ሥራውን ሲያስረክበው፣ «እጥፍ አድርገህ ሠላሳ ጨምርበት። ሌላው የአስተማሪዎች ጣጣ ነው» አለው። የሁለት እጥፍ አራት፣ ሠላሳ ሲጨመር ሠላሳ አራት። የስምንት እጥፍ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሲጨመር አርባ ስድስት። አስማረ የቴርሞሜትሩን መርፌ በሠላሳ አራትና በአርባ ስድስት መካከል ሲጠብቅ ኖረ። ከወረዳ የሚመጡት ተቆጣጣሪዎች በራሳቸው መለኪያ እየለኩ አንድ ቀን እንኳ እንከን አላገኙበትም። ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ልክ ሲሆን መጠርጠር ይረሳል።

ጉቴ ከመጣ በኋላ ሥራ ፈትቶ ሦስት ክረምት አሳለፈ። በአራተኛው፣ የከተማዋ ሴቶችና ተፈናቃዮቹ አብረው ላቋቋሙት የዶሮ ማኅበር ከባሕር ማዶ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን መጣለት። ሃምሳ ስድስት እንቁላል ይይዛል፣ እንቁላሉን ራሱ ያገላብጣል፣ መስኮት፣ የቁጥር ማሳያና ቁልፎች አሉት። ሴቶቹ ማሽኑን ከበው ቆመው አንድ ላይ ወደ አስማረ ዞሩ። እሱ «ሐኪሙ» ነው፤ ቁጥር የሚያሳይ ሳጥን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከመካከላቸው ሌላ ማን አለ? አስማረ በዚያች ቅጽበት ዕድሜው አሥር ዓመት የቀነሰለት መሰለው። እውነቱን ለመናገር፣ ደስታው ትንሽ ወደ ጉራ ያደላ ነበር።

ከሁሉም በላይ ያመነችው ዚነት ናት። ዚነት የኪራሙ ጎረቤቱ ነበረች፤ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ። አራቱንም ልጆቿን የከተበላት አስማረ ነው። የመጨረሻዋን ሩክያን በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት፤ ያኔ አስማረ ለቅሶ ተቀምጦ፣ ክትባት ከመቶው ጥቂቱን እንደሚስት ነገራት። «የአላህ ነው» ብላ ተቀበለችው፤ ዳግመኛም አላነሳችበትም።

ዚነት ከኪራሙ ስትሸሽ በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣችው አንዲት ገብስማ ቄብ ብቻ ነበረች። ቄቧ አድጋ ዶሮ ሆነች። ዚነት ከሷ ጋር ታወራለች፣ «የአገሬ ልጅ» ትላታለች። ማሽኑ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሽለምጥማጥ ገብቶ ላባዋን ብቻ አስቀረላት። ዶሮዋ በመጨረሻ ሳምንታቷ የጣለቻቸው ዘጠኝ እንቁላሎች በገለባ ውስጥ ቀሩ። ዚነት በእያንዳንዳቸው ላይ በከሰል ትንሽ መስመር አስምራ ይዛቸው መጣች፤ ከሌሎቹ አርባ ሰባት ጋር እንዳይቀላቀሉ።

ማሽኑ በመጣበት ሳምንት ዓርብ የእንስሳት ባለሙያዋ ሐዊ ከነቀምቴ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እኩል የምትሮጥ ልጅ ናት።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አስማረ?»

«ፈያ፣ ልጄ። እንኳን ደህና መጣሽ።»

የሥልጠና ወረቀቷን ዘረጋች። ወረቀቱ «ሙቀት፦ 37.5 ሴልሺየስ» ይላል። ማሽኑን ስታየው ፊቷ ተለወጠ፤ ቁልፉም የቁጥር ማሳያውም በፋራናይት ብቻ ነው።

«ዘጠኝ ለአምስት የሚባል ነገር ነበረው፤ ከዚያ ሠላሳ ሁለት... መጀመሪያ ይደመራል ወይስ ይባዛል? ማሎ፣ ምን ይሻለኛል፤ ኔትወርክም የለም። ደብተሬ ነቀምቴ ነው፤ ሰኞ ይዤ ልምጣና እንጀምር።»

ዚነት ገለባውን አቅፋ ተጠጋች። «ሰኞ ድረስ ይቆዩልኛል?»

«አዴ ዚነት፣ የመጀመሪያው ከተጣለ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል ብለሻል። በቆየ ቁጥር የመፈልፈል ዕድሉ ይቀንሳል።»

ዚነት ወደ አስማረ ብቻ አየች፤ አስተያየቷም ልጆቿን ይዛ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትቆም ታየው የነበረው ነበር። አስማረ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደብተር ምን ያደርጋል? ይሄ እኮ የኔ እንጀራ ነው። የሠላሳ ሰባት ተኩል እጥፍ ሰባ አምስት። ሠላሳ ጨምሪበት፣ መቶ አምስት።»

ሐዊ ቅንድቧን ሰበሰበች። «አይበዛም?»

«የዶሮ ገላ ከሰው ገላ እንደሚሞቅ አንቺው ታውቂ የለ?»

«ኤዬ፣ እሱስ አርባ አንድ ይደርሳል» አለች ሐዊ፤ ድምጿ ግን አላመነም። የአባቷ ታላቅ ሊሆን የሚችል ሰውን፣ ያውም በሴቶቹ ፊት፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ከበዳት።

«ጋሼ አስማረ ካሉ ልክ ነው» አለች ዚነት። «ወላሂ፣ ስንት ዓመት የልጆቻችንን መድኃኒት የጠበቁ ሰው ናቸው።»

አስማረ ቁልፉን ተጭኖ ቁጥሩን ወደ መቶ አምስት አወጣው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ያገሬ ሰው፤ እነዚያ እንቁላሎች ግን በዚያው ዓርብ ምሽት መንገዳቸው ተቆረጠ። ይህንን ያወቀ ማንም አልነበረም።

ሳምንቱን አስማረ ከማሽኑ ክፍል አልራቀም። ጠዋትና ማታ ቁጥሩን በደብተር ጻፈ፤ መቶ አምስት፣ መቶ አምስት፣ መቶ አምስት። እንደ ዕድል ሆኖ መብራት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ዚነት በየቀኑ ትመጣና በመስኮቱ መስመር ያለባቸውን ትቆጥራለች። «ሴት ጫጩት ከወጣች ሩክያ ነው የምላት» አለችው አንድ ቀን፣ ሳቅ እያለች። አስማረም ሳቀ።

በሳምንቱ ዓርብ ሐዊ ተመለሰች። ክፍሉን አጨልመው እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልክ መብራት ላይ አስቀመጡ። «ሕይወት ካለው የደም ሥሩ እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግቶ ይታያል» አለች ሐዊ። በመጀመሪያው ውስጥ የታየው ቀጭን ቀይ ቀለበት ብቻ ነው። በሁለተኛውም። በአሥረኛውም። ሃምሳ ስድስቱንም አዩ፤ የደም ሥር የተዘረጋበት አንድም የለም። የዚነትን ዘጠኙን መጨረሻ ላይ አዩ፤ ሰባቱ ቀለበት ነበራቸው፣ ሁለቱ ባዶ ነበሩ።

«የደም ቀለበት ማለት ጀምሮ የሞተ ማለት ነው» አለች ሐዊ ቀስ ብላ። «መብራት ጠፍቶ ይሆናል...»

«የኔዎቹ ቆይተው ነበር» አለች ዚነት። «የኔ ጥፋት ነው። የሌሎቹንም ሳልመርዝባቸው አልቀረሁም። ያረቢ፣ ምን ነክቶኝ ነው ያመጣኋቸው?»

አስማረ መውጫው ተከፈተለት። መብራት ማለት ይቻላል፣ የቆየ እንቁላል ማለት ይቻላል፤ ሁለቱንም ሌላ ሰው አቅርቦለታል። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ፤ ያች ዝምታ እስከ ዛሬ ታሳፍረዋለች።

«ደብተርሽን አምጥተሻል?» አላት ሐዊን።

አምጥታለች። ወደ በሩ ብርሃን ወጥተው አብረው ሠሩት። ሠላሳ ሰባት ተኩል በዘጠኝ ተባዝቶ ለአምስት ሲካፈል ስልሳ ሰባት ተኩል፤ ሠላሳ ሁለት ሲደመር ዘጠና ዘጠኝ ተኩል። አስማረ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ደግሞ ሠራው። ያው ነው። ከዚያ ሒሳቧን ከታች ጀምሮ ፈተናት። በአምስት ዲግሪ የሱ አርባ ይላል፣ እውነተኛው አርባ አንድ ነው። በአሥር ሁለቱም ሃምሳ ናቸው። በሃያ ላይ የሱ በሁለት ይበልጣል፣ በሠላሳ በአራት፣ በአርባ በስድስት። ከአሥር ወዲያ በየአሥሩ ሁለት ሁለት ዲግሪ እየራቀች ትሄዳለች። ራጉኤል አልዋሸውም፤ ለማቀዝቀዣ የምትሆን ሒሳብ ነበር የሰጠው። አስማረ ነው አልፎ የሄደው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የተባለው ለሱ ነበር፤ ልዩነቱ አስማረ ፈረሱ ላይ ያወጣው ራሱን ሳይሆን ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

«አምስት ዲግሪ ተኩል አስበልጬ ነው የቀቀልኳቸው» አለ ተመልሶ ገብቶ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፤ በዝግታ ቢጀምረው እንደማይጨርሰው ያውቃል። «መብራቱ አልጠፋም። ዚነት፣ እንቁላልሽ ስለቆየም አይደለም። ሐዊም ሰኞ እንጀምር ብላ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። እጥፍ አድርጌ ሠላሳ ጨመርኩ፣ ሒሳቡ እዚህ ሙቀት ላይ አይሠራም።»

ሐዊ፣ «ኦቦ አስማረ፣ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» ብላ ጀምራ ተወችው። ዚነት መስመር ያለባቸውን እንቁላሎች ወደ ገለባው እየመለሰች ነበር። ሰባተኛውን እንደያዘች እጇ ቆመ።

«ይሄ ሒሳብ» አለች፣ «ኪራሙም ይሠሩበት የነበረው ነው?»

አስማረ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባው።

«እሱው ነው። ግን እዚያ አይስትም፣ ዚነት። በቅዝቃዜ ላይ ልክ ነው። ቢስት ሁለት ዲግሪ አይሞላም፣ መድኃኒቱን አይጎዳም። ተቆጣጣሪዎቹም በራሳቸው መለኪያ አይተውታል።» ደብተሩን ዘርግቶ አሳያት። «ይኸው፣ ስምንት ላይ አርባ ስድስት፤ እውነተኛውም አርባ ስድስት ከምናምን ነው። ይኸው፣ አሥር ላይ ሃምሳ፣ ሃምሳ።»

ይህ ሁሉ እውነት ነበር። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ በላይ እርግጠኛ የሆነበት ነገር ነበር።

ዚነት ደብተሩን አላየችም፤ የምታየው ፊቱን ነበር። አልተቆጣችም፤ ነገሩ ቢቀል ኖሮ ትቆጣ ነበር።

«ሩክያን እርስዎ ነዎት የከተቡልኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«መድኃኒቱ ደህና ነበር ነው የሚሉኝ?»

«ደህና ነበር። ልክ ነበር።»

«ባለፈው ዓርብም ልክ ነው ብለውኝ ነበር» አለች ዚነት።

ዘጠኙን እንቁላል በነጠላዋ ጠቀለለች፣ አቅፋቸው ተነሣች፣ ሐዊን ተሰናብታ ወጣች። አስማረ ደብተሩን እንደዘረጋ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።