ከመፈረሙ በፊት

አቶ የሺጥላ የመጨረሻውን ኢንቮይስ ሊፈርም እስክሪብቶውን ሲያነሳ ነው ስህተቴ የታየኝ። እኔ ሩሃማ፣ ዓለም ገና በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። እሱ ደግሞ በርና መስኮት የሠራንለት የሱሉልታ ክሊኒክ የፋይናንስ ኃላፊ ነው።

ሥራው ስምንት መቶ ሺህ ብር ነበር፣ ቫት ሳይጨምር። ብረት ከመቆረጡ በፊት ለቅድመ ክፍያው ኢንቮይስ አውጥተን ነበር፤ ሁለት መቶ አርባ ሺህ፣ ቫቱ ሠላሳ ስድስት ሺህ፣ በድምሩ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ሺህ። እነሱም ከፈሉ። እኔ ሞኟ በመጨረሻው ኢንቮይስ ላይ ቫት ካልገባበት ስምንት መቶ ሺህ ላይ ቫት የገባበትን ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ሺህ ቀንሼ፣ በቀሪው ላይ እንደገና ቫት አሰብኩ፤ ድምሩ ስድስት መቶ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ወጣ። አርባ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ከአሠሪዬ ኪስ አወጣሁ ማለት ነው። የአራት ወር ደመወዜ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ፣ አልዋሽም። ግን አፌ ቀደመኝ።

«እባክዎ አይፈርሙ። ተሳስቻለሁ።»

ካልኩሌተሩን ሳበ። ከስምንት መቶ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ቀነሰ፤ አምስት መቶ ስልሳ ሺህ ቀረ። ቫቱ ሰማንያ አራት ሺህ፣ ሁሉም ስድስት መቶ አርባ አራት ሺህ። ከዚያ ኢንቮይሱን መለሰልኝና፣ ከቅጂዎቹ ጋር «ተሰርዟል» ተብሎበት የኢንቮይስ ፓዱ ላይ እንዲቀር፣ አዲሱን ደግሞ የቅድመ ክፍያውን ኢንቮይስ ቁጥር ጠቅሼ እንዳመጣ ነገረኝ።

ለአሠሪዬ ለኦቦ ኢፋ ደወልኩ። ከሥራ እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ኢንቮይሱ ላይ ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሳላነብ ነው የምመታው። ኮቱ» አለኝ በኦሮምኛ፣ «ቶሎ ነይ። የድሮዎቹን ኢንቮይሶች አብረን እናያለን።»

ድምፁ ውስጥ የሰማሁት ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር፣ ከእኔም የባሰ።

ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የተሠራባቸውን የኢንቮይስ ፓዶች አንድ በአንድ ገለጥን። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ቡራዩ ቤት ለሠሩ ወይዘሮ ብዙነሽ ለሚባሉ ጡረተኛ የተሠራ የግቢ በር ነው። አርባ ስድስት ሺህ ብር ቅድመ ክፍያ ከነቫቱ ከፍለው ኢንቮይስ ተቆርጦላቸዋል። የመጨረሻው ኢንቮይስ ላይ ግን ምንም አልተቀነሰም፤ ሙሉውን ዋጋ ከፍለዋል።

ኦቦ ኢፋ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሴትዮዋ ስለ ሂሳቡ ሊጠይቁ ሁለቴ መጥተው ነበር» አለ። «እንዳያስገባቸው ለዘበኛው የነገርኩት እኔ ነኝ።»

የመኪናውን ቁልፍ አነሳና አብሬው ወደ ቡራዩ እንድሄድ ለመነኝ። ብቻውን በራቸውን ማንኳኳት ፈርቶ ነበር።