ማህተም ያረፈበት መኸር

መምህር አንለይ አምና የስድስተኛ ክፍል አማርኛ ዕቅዱን ያወጣው ቀድሞ ካስተማረበት ከወሎው ትምህርት ቤት ደብተር ነበር። ወሎ ላይ ተማሪ በኅዳር ክፍል ውስጥ ይገኛል። አሶሳ አጠገብ ባለው የሰፈራ መንደር ግን ስምንተኛውና ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ተማሪው ሁሉ ለገበሬ ማኅበሩ በቆሎ አጨዳ ይዘምታል። አንለይ ሁለት ሳምንት ሙሉ የደብዳቤ አጻጻፍን ለባዶ ዴስክ አስተማረና በአስረኛው ሳምንት ፈተነ። ከሠላሳ አንዱ ዘጠኝ አለፉ።

ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ ዘንድሮም ከግማሽ በታች ካለፈ ስድስተኛ ክፍል ይዘጋል፣ ተማሪም ባምባሲ ከተማ ድረስ ይሄዳል። የተማሪዋ የሰንበቴ አባት ልጄን ለዚያ መንገድ አልሰጥም አሉ። የሌሎቹ ሴት ልጆች አባቶችም እንዲሁ። አንለይ እንቅልፍ አጣ።

አዲሱን ዕቅድ ሲያወጣ ሁለቱን የመኸር ሳምንታት ባዶ ተዋቸው።

«ባዶ ሳጥን አልፈርምም፤» አለው ርእሰ መምህሩ ኤጀታ። «ሳምንት ካለ ርእስ አለ።»

አንለይ ተመልሶ ሞላው። ስምንተኛና ዘጠነኛ ሳምንት፦ የቃል ገለጻ፣ የሥራ ቅደም ተከተልን መናገርና ማዳመጥ፤ ቦታ፦ የማኅበሩ ማሳ፣ በመኸር ላይ። አስረኛ፦ የሰባቱ ሳምንታት ክለሳ። አስራ አንደኛ፦ ፈተና። የደብዳቤ አጻጻፍን ከፈተናው በኋላ ወደ አስራ ሁለተኛው ገፋው። ኤጀታ ፈረመ፣ ማህተሙንም አሳረፈበት።

በጥቅምት መጨረሻ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሀብቱ መኸሩን ወደ አስረኛውና አስራ አንደኛው ሳምንት አዛወረው። በቆሎው ደርቆ ቆሟል፤ ከበላይ እንግዶች ስለሚመጡ ግን ሳይታጨድ እንዲያዩት ፈለገ። ክለሳውም ፈተናውም ገደል ገባ።

አንለይ ዕቅዱን በክንዱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መኸሩ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ያልቃል።»

«ማን አለ?»

«ዕቅዱ።» ገጹን ዘርግቶ አሳየው።

ሀብቱ ርእሱን አላነበበም። ወረቀቱን አገላብጦ ማህተሙን አየ፣ ወደ መስኮቱም አስጠግቶ እንደገና አየው።

«የኛ ዕቅድ ገና ማህተም አልተመታበትም፤» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ይህ ከኛ ቀድሟል ማለት ነው።»

በቆሎው በስምንተኛው ሳምንት መታጨድ ጀመረ። አንለይም ማሳው ላይ ቆሞ አስተማረ፤ ሰንበቴ ከአቆራረጥ እስከ ፍልፈላ ያለውን ሥራ ሳትዘባርቅ አስረዳች፣ ሌሎቹም ጠየቋት። እንግዶቹ የመጡት የቆመውን በቆሎ ለማየት ነበር፤ ፍሬው የተነሣለትን አገዳ አይተው ተመለሱ።

ከክለሳው በኋላ በተሰጠው ፈተና ሃያ ስድስት አለፉ። አንለይ ውጤቱን ሲደምር ደስ አለው፣ አልደበቀውም። ስድስተኛ ክፍልም አልተዘጋም።

በተከታዩ መስከረም ጓድ ሀብቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ።

«መምህር» አለ፣ «ዘንድሮ መቼ ነው የምናጭደው?»