በረዶው ውስጥ የገባ ሳንቲም

«ደብተሩ ምን ይሠራልኛል አባባ? ልጄ ከትናንት ጀምሮ የጠጣችው ውኃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልረጋ ብሏል፤ እርስዎ ቀን ያነቡልኛል» አለች ምራታቸው።

«ቀኑን ካላመንሽ ምኑን ልታምኚ ነው?» አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱ። «የተፈጨ ሥጋ፣ አራት ፌስታል። የገባበት ቀን፣ ይኸው፤ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። መጠቀሚያው የሚያበቃበት፣ ይኸው፤ ሁለት ወር ከምናምን ይቀረዋል።»

ልጃቸው የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አባቱን ያያል። ሐኪሙ ልጅቷ የበላችውን ሲጠይቅ፣ ከሌላው ሰው ተለይታ የበላችው ያንን ሥጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ደብተሩ ተራ ነገር አልነበረም። አዛውንቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ሴት ልጃቸው ቤት ነበሩ፤ እዚያ ሥራቸው ሶፋ ላይ መቀመጥና መነሣት ብቻ ሆነባቸው። ወደዚህ፣ ወንድ ልጃቸው ቤት፣ ሲመጡ ግን ሥራ አገኙ። ፍሪዘሩ የማይታወቅ ጥቅልል የታጨቀበት ነበር፤ ከጓዳው መደርደሪያም በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ሙሉ የተበላሸ ነገር ይወጣል። እሳቸው ሁሉንም ዘርግፈው መዘገቡ፤ ስም፣ ብዛት፣ የገባበት ቀን፣ መጠቀሚያው የሚያበቃበት ቀን። በየዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ያንኑ ቀን ጻፉበት። አሮጌውን ወደ ፊት፣ አዲሱን ወደ ኋላ አደረጉ። በዚያ ሳምንት የሚያልፍበትን በቀይ አሰመሩበት። የሚጣለው ከጆንያ ወደ አንዲት ፌስታል ወረደ። ልጃቸው «ንብረት ክፍል» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ምራታቸው ገበያ ከመውጣቷ በፊት «እስቲ ንብረት ክፍሉን ልጠይቅ» ትላለች። እሳቸውም ይህችን ቃል ሳይሰሙ የዋሉበት ቀን ምግብ አይበላላቸውም።

ምራታቸው አሁን ፍሪዘሩን ከፈተች። ከታች፣ ከአተሩ ሥር፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በረዶ ሞልቶታል። ከበረዶው በታች፣ ኩባያው ወለል ላይ፣ አንድ ሳንቲም ተኝቷል።

«እናቴን ልንጠይቅ ከመሄዳችን በፊት ያስቀመጥኩት ነው» አለች ቀስ ብላ። «የሥራ ባልደረባዬ ናት ያሳየችኝ። ውኃው ከረጋ በኋላ ሳንቲሙን ከላይ ነው የማስቀምጠው። እንግዲህ እዚያ ታች የደረሰው በረዶው ሁሉ ቀልጦ፣ ተመልሶ ስለረጋ ነው። ስንመለስ ኩባያውን ማየት ትቼ መብራት ሄዶ ነበር ወይ ስልዎት ምን አሉኝ አባባ?»

«ብልጭ ድርግም ብሎ ነበር» ብለው ነበር ያሏት።

መብራቱ የሄደው ለአንድ ቀን ተኩል ነው። ምራታቸው ወደ እናቷ ስትሄድ «መብራት ቢጠፋ በሩን አይክፈቱት እንጂ፣ ሙሉ ስለሆነ ቅዝቃዜውን ሁለት ቀን ይይዛል» ብላቸዋለች። ሰምተዋል። ግን ከደብተሩ ጋር ሳያመሳክሩ መቀመጥ እንዴት ይቻላል? በየሰዓቱ ይከፍቱታል፤ ፌስታሉን በእጃቸው ይጫኑታል፤ ጠንክሯል ብለው ምልክት ያደርጋሉ፤ ይዘጋሉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥጋው በጣታቸው ሥር ላላ። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም እንደገና ድንጋይ ሆነ፤ ፕላስተሩ ላይ ያለው ቀንም እንደነበረ ነው። አንዱን ፌስታል ራሳቸው ቀቅለው በሉት። ሁለት ቀን ጠበቁ፤ ምንም አልሆኑም። ተረፈ አሉ፤ ሰው የሚፈልገውን ለማመን ጊዜ አይፈጅበትም።

«በየሰዓቱ አየው ነበር» አሉ አዛውንቱ። «እንዳይበላሽ ብዬ።»

ምራታቸው ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። እሷ ግን ጥቁር ላስቲክ አወጣችና ከፍሪዘሩ ላይኛው መደርደሪያ ጀምራ እያወጣች ትከትበት ጀመር። ልጃቸው ደብተሩን ከእጃቸው በቀስታ ተቀበለ፤ እያንዳንዱን መስመር በእስክሪብቶ ይሰርዛል። ሥጋ። ዶሮ። የተቀቀለ ባቄላ። በዚህ ቤት ከዚህ ወዲያ ቀን ቢጽፉ ማን ያምናቸዋል? ሴት ልጃቸው ቤት ያለው ሶፋ ትዝ አላቸው።

ወደ ክፍላቸው አመሩ። በመንገዳቸው ልጅቷ ፊቷ ገርጥቶ በእናትና አባቷ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት፤ አልቀረቧትም። ከክፍላቸው፣ ወደዚህ ቤት ሲመጡ የያዟትን ትንሽ ቦርሳ አንሥተው በብብታቸው ሸጎጡና ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሱ። የሞላው ላስቲክ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሥሩ እርጥብ ነው። በሌላው እጃቸው አነሡት።

«ጎሽ አባዬ፣ የቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ጣልልን» አለ ልጃቸው፣ ቀና ብሎ ቦርሳዋን ሳያይ።

የውጭው በር ሲከፈት አቃሰተ፤ ከዚያ ተዘጋ።

«ባቄላው ስንት ነበር?» አለች ምራታቸው፣ እጇን ፍሪዘሩ ውስጥ እንደሰደደች።

«አምስት ይላል። ሁለቱ በቀይ ተሰምሮባቸዋል።»

«ሦስት ነው ያለው። ፈልግ እስቲ፣ ከኋላ ሆኖ ይሆናል።»