የአይሱዙው ሲሶ

ጉሃድ እንደሚለው፣ የእርዳታ ድርጅቱ የጅግጅጋ ቅርንጫፉን ሲዘጋ የተከፈለው ፕሮቪደንት ፈንድ፣ የሥራ ዘመን ቁጠባው፣ አልቋል። ስድስት መቶ ሃያ ሺህ ብር ነበር። ገሚሱ ለኩላሊት ሕክምናው ሄደ፣ ገሚሱ ለልጆቹ ዩኒቨርሲቲ፤ የተረፈችውን ኑሮ ውድነት በላት። የሃያ ሁለት ዓመት የመጋዘን ላቡ ነው፤ የደበቀው አንድ ብር የለም።

ሚስቱ ሆዳን እንደምትለው፣ ለኩላሊቱ የከፈለችው እሷ ናት። ለልጆቹም በየወሩ የኪስ ገንዘብ የላከችው ከነርስነት ደሞዟ ነው። ልጆቹ የተማሩት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ያን ያህል ገንዘብ የሚውጥ ክፍያ አልነበረባቸውም። ብሩ መግባቱን ሰምታለች፤ ሲወጣ ግን አላየችም።

ማናቸውም የተሟላ ደረሰኝ አልነበራቸውም። ሆዳን የሐረር ሆስፒታል ወረቀቶች በፌስታል አስቀምጣለች፤ እነሱም ተደምረው ሠላሳ ሺህ አይሞሉም።

ፍቺው ላይ ጭቅጭቅ አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ተለያይተው ነው ያሳለፉት። ቤቱ ጉሃድ ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ ሆዳን ዓይኗን አልጣለችበትም። ዕቃውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተካፈሉት፤ ፍሪጁን ራሱ ጉሃድ ተሸክሞ ወደ ተከራየችው ክፍል አደረሰላት። የቀረው ለእርጅና የተቀመጠው ነገር ብቻ ነበር።

በዚህ ጉዳይ ስለ እሷ የሚናገረው ታላቅ ወንድሟ ዋርፋ ነበር። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትከራከርም፤ ወንድሟ ይቀመጥላታል። ዋርፋ በሲሚንቶና ቆርቆሮ ሱቁ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አስነጥፎ ሦስት ሽማግሌዎችን ሁለት ቀን በሻይና በግመል ወተት አስተናገደ። በሁለተኛው ቀን ማታ ውሳኔውን ይዞላት መጣ።

«አለቀ፣ አባዮ» አላት፣ እህቴ ማለቱ ነው። «ቃዲው ዘንድ ትሄዳላችሁ። እዚያ የባልና የሚስት ገንዘብ አይደባለቅም። አንቺ ጡረታሽን ትይዣለሽ፣ እሱ ፕሮቪደንቱን ይይዛል። ሲያገባሽ ቃል ገብቶ ያልከፈለሽን መህርም ይከፍልሻል።»

«ፕሮቪደንቱ አልቋል አላለም?»

«እንግዲህ ያለቀውን ይይዛላ።» ዋርፋ ሳቀ። «አንቺ ስድሳ ዓመት ሲሞላሽ መንግሥት እስክትሞቺ በየወሩ ይከፍልሻል። እሱ ምን አለው? አዘኔታ የለሽም?»

ሆዳን አዘኔታ ነበራት። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሲወጣ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች ወደ ጡረታው ለመግባት ወይም ባሉበት ለመቆየት እንዲመርጡ ተደርጎ ነበር። በጉሃድ ድርጅት ብዙኃኑ ባሉበት ለመቆየት እጅ አወጡ፤ ጉሃድም አብሮ አወጣ። ያን ቀን ማታ «ጡረታው ይሻልህ ነበር» ስትለው፣ «የወር ፍርፋሪ ከምጠብቅ በአንዴ ልቁረጠው» ብሏት ነበር። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በየወሩ የሚጠብቀው ፍርፋሪም የለውም።

ቢሆንም ከመፈረሟ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲው የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ሄደች። የተቀበለቻት ፈርሂያ የምትባል ጠበቃ ናት። ሆዳን ድሮ ክትባት ከወጋቻቸው ልጆች አንዷ ሆና ተገኘች።

«አሁንም ሳይሽ ክንዴን ያመኛል፣ ሲስተር» አለች ፈርሂያ። ከዚያ ወረቀት ሳበች። «ጡረታሽ የራስሽ ነው። የጡረታ መብት አይሸጥም፣ አይተላለፍም፣ ለሁለት አይከፈልም። ፍርድ ቤት ለቀለብ ወይም ለመንግሥት ዕዳ ካላዘዘ በቀር አበሉን ማንም አይዝብሽም። ደግሞ ከተፋታችሁ በኋላ ብትሞቺ፣ ለሟች ባለቤት የሚከፈለውን የተተኪ አበል እሱ አያገኝም።»

«ፕሮቪደንቱስ?»

«እሱ ሌላ ነው። ከደሞዙ እየተቆረጠ፣ ድርጅቱም እየጨመረበት የተጠራቀመ ብር ነው። የተጠራቀመው በትዳር ዘመን ነው፤ የተከፈለውም በትዳር ዘመን። በመደበኛው ፍርድ ቤት የጋራ ሀብት ነው፤ እኩል ትካፈላላችሁ።»

«ታዲያ የእኔ አይነካ፣ የእሱ ይከፈል? ይሄ ልክ ነው?»

«ልክ አይመስልም» አለች ፈርሂያ ሳትሸሽ። «ጉሃድም ይህን ቢያነሳ አልፈርድበትም። ሕጉ ግን ብሩንና መብቱን ለይቶ ነው የሚያየው። ከደሞዝሽ ያስቀመጥሽው ቁጠባ ካለም እንደ እሱ ይከፈላል።»

«ቁጠባ ማኅበር ውስጥ ዘጠና ሺህ አለኝ።»

«አርባ አምስቱ የጉሃድ ነው።»

«ይውሰድ።»

«ብሩ አልቋል ካለ ደግሞ የት እንደዋለ ይጠየቃል። በእርግጥ ለቤቱ ውሎ ከሆነ የሚካፈል የለም። ንብረት ተገዝቶበት ከሆነ ግን ንብረቱ የጋራ ነው።» ፈርሂያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቃዲው ዘንድ መዳኘትም መብትሽ ነው፤ መህርሽን እዚያ ማግኘት ይቀልሻል። ሁለታችሁም ካልተስማማችሁ ግን ቃዲው ጉዳዩን አያይም። አንዴ ከተስማማሽ ደግሞ ወደ ኋላ የለም። ይህን አስቢበት።»

ሆዳን ሦስት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ከእኩለ ቀን በፊት ልቧ ወደ ቃዲው አዘነበለ። ብሩ ካለቀ አልቋል፤ ከአንድ በሽተኛ ሰው ጋር ለሌለ ነገር ፍርድ ቤት መመላለስ አሳፈራት። ወንድሟስ ስለ እሷ ሁለት ቀን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ አልነበር?

ከሰዓት በኋላ የዋርፋ ሚስት ባቱሎ የደም ግፊቷን ልታስለካ ሆዳን የምትሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ባቱሎ ወሬ ትወዳለች፤ ክፋት ግን የለባትም። ክንዷን ለሆዳን ሰጥታ ማውራት ጀመረች።

«አላህ ጨዋ ሰው አይንሳን። እንደ ጉሃድ ያለ የተፋታ ባል አላየሁም። ሌላ ቢሆን ፍቺው እንደተነሳ ድርሻዬን አውጡልኝ ይል ነበር።»

«የምን ድርሻ?»

«የአይሱዙውን ነዋ። ሲሶው የእሱ አይደል? ከሥራ ሲወጣ የተከፈለውን አይደል ለዋርፋ የሰጠው? እኔማ ልጆቹ የሚበሉት አይጠፋም እያልኩ...» ባቱሎ የሆዳንን ፊት አየችና አቆመች። «ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

ሆዳን የመለኪያውን አየር ለቀቀች። «መቶ ስልሳ ነው። ጨው ቀንሺ።»

አይሱዙውን ታውቀዋለች። ከቱሊ ጉሌድ ፍየልና በግ ጭኖ ይመጣል፤ ሲመለስ ሲሚንቶ ይወስዳል። የተገዛ ቀን ዋርፋ ቤት በግ ታርዶ፣ እሷም ሥጋውን ለጎረቤት አድላ፣ ወንድሟን አላህ ይባርክልህ ብላዋለች። ጉሃድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን ብዙ መሳቁን፣ እሷም ኩላሊቱ ተሻለው ብላ መደሰቷን አስታወሰች።

በወረቀት የተጻፈ ነገር እንደማይኖር ገባት። እንደ ዋርፋ ያሉ ነጋዴዎች በሽርክና ሲገዙ መኪናው በአንዱ ስም ይሆናል፤ የሌላው ድርሻ በሁለቱ ቃል ላይ ይቀመጣል። ቃል ለበላ ሰው ደግሞ ገበያ ውስጥ ማንም አይሸጥለትም። ከእሷ ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ማታ ሱቁ ሄደች። ዋርፋ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀች።

«አቦዌ፣ የአይሱዙው ሲሶ የማነው?»

ዋርፋ «አቦዌ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ሲባል ሁልጊዜ ቀና ይል ነበር፤ አሁን ግን ወደ ሚዛኑ ነው ያየው። «ማን ነገረሽ?»

«የማነው?»

«የጉሃድ ነው። ምን አለበት? ነጋዴ ነኝ፤ ገንዘብ ያመጣልኝን እቀበላለሁ።»

«ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ?»

«አልጠየቁኝም።»

«እኔን ወክለህ ነበር የተቀመጥከው።»

«ለአንቺም አስቤ ነው!» ዋርፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ዝቅ አለ። «መደበኛው ፍርድ ቤት መኪናውን ቢያግድ ማን ይጎዳል? እኔ። ዕዳ አለብኝ፣ ሆዳን። ያች መኪና ሳምንት ከቆመች ሱቁም ይዘጋል። ቃዲው ዘንድ ከሄድን ማንም ምንም አያጣም።»

«እኔስ?»

«ጡረታ አለሽ አልኩሽ። የአባትሽን ልጅ ለሦስት መቶ ሺህ ብር ትከሺዋለሽ?»

ሆዳን ሻርፏን ሰብስባ ወጣች። ጉሃድ እንዲህ ቢያደርግባት የሚገርም አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቱ ርቃ ከእሱ ምንም አለመጠበቅን ለምዳለች። ለዋርፋ ግን አልተዘጋጀችም። ወተት ያጠጣቸው ሽማግሌዎች ፊት እሷን ሆኖ ሲከራከር፣ በዚያኛውም ወገን የራሱን ኪስ ሲጠብቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ሞልቷል። ቃዲው ሼህ ዐቦኮር ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጉሃድ በስተቀኝ ቆመ፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ዋርፋ እንደ ልማዱ ከሆዳን አጠገብ ቆመ። አልከለከለችውም።

«ስምምነት ካለ ሥራው ቀላል ነው» አሉ ቃዲው። «ግን ስምምነቱን ከራሳችሁ አፍ ነው የምሰማው። ጉሃድ፣ በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ ነህ?»

«ፈቃደኛ ነኝ።»

«ሆዳን?»

«ተስማምታለች» አለ ዋርፋ። «ሽማግሌ ጨርሶታል።»

ቃዲው አላዩትም። «እሷን ነው የጠየቅኩት። ልጄ፣ ማንም አያስገድድሽም። እዚህ ብትቀመጪ መህርሽን አስከፍልልሻለሁ፤ ሀብቱን ግን ግማሽ ለግማሽ ብዬ አላካፍልም። ካልፈለግሽም ቅር አልልም፤ መዝገቡን እዘጋለሁ።»

ጉሃድ አንገቱን ደፋ። ዋርፋ በሹክሹክታ «አባዮ» አላት። ሆዳን ወደ እሱ ዞራ አየችው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። አንድ አፍታ አሳዘናት፤ ዕዳ እንዳለበት የነገራት ውሸት አልነበረም። ከዚያ ወደ ቃዲው ተመለሰች።

«ሼህ፣ ለእርስዎ ያለኝ ክብር እንዳለ ሆኖ እዚህ ለመዳኘት አልተስማማሁም» አለች። «ሰኞ መደበኛው ፍርድ ቤት ክስ እመሠርታለሁ። ዘጠና ሺህ ብሬን ራሴ አስመዘግባለሁ፣ ጉሃድ ግማሹን ይወስዳል። የእሱን ብር በተመለከተ ደግሞ አንድ ምስክር እቆጥራለሁ፤ ወንድሜን ዋርፋን። የአይሱዙው ሲሶ የማን እንደሆነ ቁርዓን ይዞ ለዳኞቹ ይንገራቸው።»